የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ ከብቸና ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ አንድ ዋርካ ሥር ለሽምግልና ከተቀመጡት አምስት ሰዎች አንዱ የእናቴ ወንድም ነበሩ። እኔ ከደብረ ማርቆስ ለበዓል ሄጄ ነው። ለሽምግልና ያልደረስኩ፣ ጠላ ለማደል ደግሞ ያለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ዳር ላይ አንዲት ድንጋይ ተሰጠችኝ።

ጉዳዩ የባልና የሚስት ነው። ሚስት ወላጆቿ ቤት ከገባች ሦስት ወር ሆኗታል። ከሁለት ሳምንት በፊት እዚያው ዋርካ ሥር “እመለሳለሁ” ብላ ነበር፤ አልተመለሰችም። ባል ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ መሬት መሬት ያያል። አጎቴ ጭራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩና ተነሡ። እሳቸው ሲናገሩ አይቸኩሉም። በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ ቤት ስለቆዩ ቃልን እንደ ዘር እህል ሰፍረው ነው የሚያወጡት።

“እኛ ሽማግሌዎች የሰማነውን እንናገራለን፤ ያላየነውን አንጨምርም” አሉ። “ይህች ልጅ በእኛም በእግዚአብሔርም ፊት ቃል ሰጥታ ነበር። ይኸው ዛሬ ግን ባሏን ቀላች።”

ዝም ተባለ። ባል ከፊታቸው ተቀምጧል። እጁን ቀስ ብሎ ከጋቢው አወጣና አንገቱን ዳሰሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሽምግልና ብሎ መጥራት ይከብዳል። የልጅቱ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊታቸውን ወደ ዋርካው ግንድ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጅቱ ራሷ፣ ለሦስት ወር ፈገግ አላለችም የተባለችው፣ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። ለመረዳት የመጨረሻው ሰው አጎቴ ነበሩ። “ምን አልኩ? ቃሏን በላች ነው ያልኩት!” ይላሉ። በእርግጥም ያሰቡት እሱን ነው፤ ጆሯቸውም የሰማው ያሰቡትን እንጂ የተናገሩትን አልነበረም።

“የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” ይባላል። ይህን ተረት የምንጠቅሰው የወጣ ቃል አይመለስም ለማለት ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላው ነገሩ ነው የሚገርመኝ፤ “ወለምታ” የምትለው ቃል። እግሩ ወለም ያለው ሰው አጥንቱ አልተሰበረም፣ ሥጋውም አልተቆረጠም። ሁሉም በቦታው ሆኖ አንዲት መገጣጠሚያ ብቻ ሸርተት ብላለች። የአጎቴ ዓረፍተ ነገርም የደረሰበት ይኸው ነው። የትኛዋ መገጣጠሚያ እንደሸረተተች ለማየት ሁለቱን ጎን ለጎን መጻፍ ይበቃል፦

ቃሏን በላች
ባሏን ቀላች

አማርኛ ስለማስተምር ነገር ሁሉ በፊደል ገበታ ነው የሚታየኝ። መጀመሪያ ያልኩት “ቃ እና በ ቦታ ተቀያየሩ” ነው። ግን እንደዚያ አይደለም። ፊደሎቹ እንዳሉ ቢቀያየሩ ኖሮ የሚወጣው “በሏን ቃላች” ነበር። እስካሁን በዚህ ዓይነት አፉን ወለም ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም። አጎቴ ያቀያየሩት ቅን እና ብን ብቻ ነው። “ቃ” ራብዕ ናት፤ በቦታዋ የገባችው “ባ”ም ራብዕ ሆነች። “በ” ግዕዝ ናት፤ የተካቻት “ቀ”ም ግዕዝ ሆነች። አናባቢዎቹ ከወንበራቸው አልተነሡም፤ የተነሡት ተነባቢዎቹ ናቸው። በጽሑፍ አንድ አካል አድርገን የምናየውን ፊደል ምላስ ለሁለት ሰንጥቃው፣ ግማሹን ትታ ግማሹን ይዛ ሄዳለች። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ሲሳሳት እንዲሁ ነው የሚሳሳተው።

ደግሞ ሌላ ያልተነቃነቀ ነገር አለ። “በላች” ስንል ላ ይጠብቃል፤ “ቀላች” ስንልም ይጠብቃል። “ቃሏን” የምትለዋ ን፣ የሴቲቱ “ኣች”፣ የዓረፍተ ነገሩ መውረድና መውጣት፣ የሽማግሌው ግርማ፣ የጭራው አያያዝ ሁሉም እንደነበረ ነው። ሁለት ተነባቢዎች ብቻ ሲዛወሩ፣ ቃሏን ያላከበረች ሚስት የባሏን አንገት የቀነጠሰች ሆና አረፈችው።

ለምን እንዲህ ይሆናል ለሚለው፣ የንግግር ስሕተትን ሲሰበስቡ የኖሩ የቋንቋ ሰዎች የሚሉት ነገር አለ። ስንናገር ቃላቱን አንድ በአንድ አናዘጋጅም። “ቃሏን” ገና ከአፍ ሳይወጣ “በላች” ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። አንዳንዴ ከኋላ ያለው ተነባቢ ይቸኩላል። ብ ቀድማ የቅን ቦታ ከያዘች በኋላ ሁለት መንገድ አለ። ቅ ጠፍታ ብትቀር ኖሮ አጎቴ “ባሏን በላች” ይሉ ነበር፤ ይህም ቢሆን ለባልዬው የተሻለ ዜና አይደለም። ቅ ግን አልጠፋችም፤ ቦታዋ ሲያዝባት ባዶ የቀረውን የብን ቦታ ያዘች። በተለያዩ አገሮች ከተሰበሰቡት ስሕተቶች የሚበዙት መቸኮል ብቻ ያለባቸው ናቸው፤ ሙሉ ልውውጥ ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ ተናጋሪው “ባ...” ብሎ ይሰማውና “ቃሏን” ብሎ ያቃናዋል። ያ ዋርካ ሥር የተሰማው ሙሉው፣ ከነግርማው የተነገረው ነው።

እንግሊዞች ይህን ነገር በአንድ ሰው ስም ይጠሩታል። ዊልያም አርቺባልድ ስፑነር በ1844 ተወልደው በ1930 ያረፉ፣ ከ1903 እስከ 1924 (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር) የኦክስፎርድ ኒው ኮሌጅ የበላይ የነበሩ ቄስ ናቸው። በስማቸው የሚጠቀሰው የአፍ ወለምታ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ተማሪዎቻቸው ቁጭ ብለው የፈጠሩት እንደሆነ ይታወቃል። እኔን የሚያስቀኝ ይህ ፈጠራቸው ነው። እውነተኛው ወለምታ እምብዛም እንዲህ አምሮ አይወጣም፤ ሁለቱም ቃላት ትርጉም ኖሯቸው፣ ሁለቱም ተያይዘው ዓረፍተ ነገር ሆነው መውጣታቸው ዕድል ነው። ስለዚህ ሰው ዕድሉን ከመጠበቅ ራሱ ይሠራዋል።

እኔም ሞከርኩ። ያን ሰሞን ማታ ማታ ወረቀት ይዤ ስሠራ ባለቤቴ “የፈተና ጥያቄ ነው?” ትለኝ ነበር። የመጀመሪያው ግኝቴ “ዳኛ ሻረ” ነው። “ንጉሡ ዳኛ ሻረ” ስትሉ ወለም ካላችሁ “ንጉሡ ሻኛ ዳረ” ይሆናል። ዳኛ እና ሻኛ፣ ሻረ እና ዳረ አጥብቀውም አላልተውም ልክ ይገጥማሉ። ንጉሡ በግብር አዳራሻቸው ለአንዲት ሻኛ ሠርግ ሲደግሱ ይታያችሁ። (ለፊደሉ ክርክሬ ግን ይህ ምስክር አይሆንም፤ ዳም ሻም ራብዕ ስለሆኑ ፊደሉ እንዳለ ቢዛወርም ተነባቢው ብቻ ቢዛወርም ውጤቱ አንድ ነው።)

ሁለተኛው “ቆሎ በላ” ሲሆን “ቦሎ ቀላ” ይወጣዋል። መኪና ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ዓመታዊ ምርመራው ትዝ ይለዋል።

ከዚያ የማይሠሩት መጡ፤ ከሚሠሩት ይልቅ ያስተማሩኝም እነሱ ናቸው። “ቤት ሠራ” የሚለውን ሳገኝ ተደስቼ ነበር፦ “ሴት በራ”። ሁለቱም ቃላት አሉ። ለባለቤቴ ነገርኳት፤ አልሳቀችም። “በራች ነው የሚባለው” አለችኝ። ልክ ናት። ወለምታው ተነባቢን እንጂ የግሡን መድረሻ አይነካም፤ ግሡ ወንድ ሆኖ ስለቀረ ሴቲቱ አልተስማማችውም፤ ዓረፍተ ነገሩ ያነክሳል። “ጠላ ቀዳ”ም “ቀላ ጠዳ” ይሆናል፤ ሁለት ግሥ ተከታትሎ የሚሠራው ባለቤት አጣ። እኔ የምወደው ደግሞ “ጋን ሞላ” ነው፦ “ማን ጎላ”። እንዴት ያምራል! ሳቅ ግን የለውም። ምክንያቱን ለማግኘት ጮክ ብዬ ደጋግሜ ልለው ግድ ሆነብኝ። “ጋን ሞላ” ነገር መንገር ነው፤ ድምፁ ወርዶ ያርፋል። “ማን ጎላ” ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ የራሱ ዜማ አለው። ዜማው ከፊተኛው ዓረፍተ ነገር ጋር ስለቀረ ጆሮ ጥያቄውን አይቀበለውም። “ዳቦ ጋገረ”ን ብትቀያይሩ የምታገኙት “ጋቦ ዳገረ” ነው፤ ይህ ምንም አይደለም። ሰው ቢስቅ የሚስቀው በተናጋሪው መንተባተብ ነው፤ ወዲያውም ያልቃል።

ሳቁ ያለው እንግዲህ እዚህ ይመስለኛል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልብስ ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት። ሰዋስዉ፣ ጥብቀቱ፣ ዜማው፣ የተናጋሪው ፊት ምንም ሳይተርፍና ሳይጎድል ከገጠመ፣ ሰሚው ላንድ አፍታ የሰማውን ያምናል። ባልዬው አንገቱን የዳሰሰው ለዚህ ነው፤ እየቀለደ አልነበረም። ከዚያ ወዲያው ሰሚው ራሱ ወደ ኋላ ሄዶ ተነባቢዎቹን በቦታቸው ይመልስና ቀድሞ የታሰበውን ያገኛል። ያን ጊዜ ሁለቱም በእጁ ናቸው፤ የታሰበውም የተባለውም። በመካከላቸው ያለው ርቀት የአንዲት ሴት ቃል ከማጠፍ እስከ አንገት መቅላት ነው፤ በአፍ ውስጥ ያለው ርቀት ግን ሁለት ተነባቢ። የሚያስቀው ይህ አለመመጣጠን ነው። ማንም ሳይነግረው ሰሚው ራሱ ስለፈታው ደግሞ ሳቁ የራሱ ይሆናል። ወለምታን ለሌላ ሰው ሲያብራሩት የሚሞተውም ለዚህ ይመስለኛል። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ስንቱን እንደገደልኩ አውቃለሁ።

ትርጉም ያለው ቃል የሚወጣበት ወለምታ ከማይወጣበት ይልቅ በቀላሉ እንደሚያመልጥ በሙከራ ታይቷል። በርናርድ ባርስ፣ ማይክል ሞትሊ እና ዶናልድ ማካይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ባሳተሙት ሥራ ሰዎችን ሆን ብለው የሚያሳስቱበት ዘዴ ነበራቸው። ሰውየው የቃላት ጥንዶችን በየተራ በልቡ ያነባል። ጥቂቶቹ ተከታትለው በአንድ ዓይነት የድምፅ ቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ ከዚያ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ጥንድ ይመጣና “ጮክ ብለህ በለው” ይባላል። ምላስ የለመደችውን መንገድ ይዛ ትሄዳለች።

ይህን በአማርኛ ሠርቼ የእህቴን ልጆች ፈተንኳቸው። አምስት ናቸው፤ ቡና እየተፈላ ነበር። በየወረቀቱ “ቦታ ቀማ”፣ “ቤት ቀባ”፣ “ባል ቀና” ብዬ ጻፍኩ፤ ሁሉም በብ ጀምረው ወደ ቅ የሚሄዱ ናቸው። በልባቸው እንዲያነቧቸው በፍጥነት አሳየኋቸውና አራተኛውን ወረቀት አንሥቼ “ጩኹ!” አልኩ፤ “ቆሎ በላ” ይላል። ከአምስቱ ሁለቱ “ቦሎ ቀላ!” ብለው ጮኹ። ታናሽየዋ ቦሎ ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም፤ ቢሆንም ወንድሟ በሳቅ ሲንከባለል አይታ አብራ ተንከባለለች። በማግስቱ ሌላ ወረቀት አዘጋጀሁና በመጨረሻ “ቆዳ በሳ” አመጣሁ። ይህ ቢቀያየር “ቦዳ ቀሳ” ነው የሚሆነው፤ ትርጉም የለውም። ማንም አልወደቀም። አምስት ልጅና አንድ ጀበና ማስረጃ አይባልም፤ በዚያ ላይ በሁለተኛው ቀን ነቅተውብኝ ነበር።

ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ ንግግር ከአፍ ከመውጣቱ በፊት በውስጣችን የሚፈትሽ ዘበኛ አለ የሚል ነው። ዘበኛው “ቦዳ ቀሳ”ን ሲያይ “ይህ ቃል አይደለም” ብሎ ይመልሰዋል። “ቦሎ ቀላ” ሲመጣ ግን ቃላቱ ደኅና ቃላት ናቸውና ያሳልፋቸዋል። እውነት ነው ሐሰት፣ ባልየው አንገት አለው የለውም፣ ያ የሱ ሥራ አይደለም። ሞትሊ በኋላ እንዳሳየው ዘበኛው ነውርንም ይፈትሻል፤ የሚያሳፍር ቃል የሚወጣባቸው ጥንዶች ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት ያነሰ ነበር። ከእኛ መሃል ግን እነዚያ ዘበኛውን ያመለጡት ናቸው ለሰባት ዓመት የሚወሩት፤ እዚህ የማልጽፋቸው ሦስት አውቃለሁ።

የአፍ ወለምታ በአንድ ቃል ውስጥም ይሆናል። በቋንቋችን በተለይ ይመቸዋል፤ ግሦቻችን በተነባቢ ላይ የቆሙ ናቸውና። ሰከረ ከሰረ፣ ቀረበ ቀበረ፣ ቆጠረ ቆረጠ። በእነዚህ ሁሉ መካከለኛው ፊደል እንደጠበቀ ነው፤ ማንም መጥቶ ቢቀመጥበት ይጠብቃል። በለቅሶ ቤት “ምሳ ቀርቧል” ሊል “ምሳ ቀብሯል” ያለ ጎረቤት ነበረን፤ ያዘነ ሰው እንዴት አድርጎ ሳቁን እንደሚውጥ ያን ቀን አየሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 የታተመ አንድ ጥናት፣ አንጎሉ ተጎድቶ ንግግሩ የተቃወሰ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው የዐረብኛ ቃላትን የሥር ተነባቢዎች ያቀያይር እንደነበር፣ በፈረንሳይኛ ግን እንዲህ እንደማያደርግ ይተርካል። የአማርኛ የቅርብ ዘመድ በሆነ ቋንቋ መሆኑ ነው ዓይኔን የሳበው።

መቀያየር ሁሉ ግን አያስቅም። ክብሪት የምንላትን ነገር ግማሹ ሰው “ክርቢት” ይላታል፤ ብ እና ር ቦታ ተለዋውጠዋል። ባለ ሱቁ ሁለቱንም ሲሰማ ያችኑ ሳጥን ነው የሚያነሣው። ሌላ ትርጉም ስላልወጣ ሰሚው የሚመለስበት ነገር የለውም፤ ወለምታው እዚያው ድኖ እግር ሆኗል።

አጎቴን በማግስቱ በግቢያቸው አገኘኋቸውና በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

“ኅብረ ቃል አይደለም” አሉ በመጨረሻ። “በኅብረ ቃል አንድ ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ሰሙና ወርቁ እዚያው አንድ ቤት ናቸው። ይሄ ቤት መለዋወጥ ነው።”

“ግን እኮ ሕዝቡ ከቅኔ በላይ ነው የሳቀው፣ አጎቴ።”

“አንተ ልጅ፣ ቅኔ ቢሆን ‘ይበል!’ ይሉኝ ነበር” አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። “ቅኔ ባለቤት አለው። የትላንቱን ማን ተናገረው? እኔ አልተናገርኩትም።”

ስለ ቅኔ በዚህ ሁሉ አልስማማም፤ ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው ግን ዋሸራ ከቆየ ሰው ጋር አይከራከርም። “እኔ አልተናገርኩትም” ያሉት ግን ትክክል ነው። ሆን ብዬ የሠራኋቸው ሁሉ፣ ሻኛውም ቦሎውም፣ የዚያን ቀኑን ሲሦ ያህል አላሳቁም። ሰሚ የሠሪውን እጅ ሲያይ ፈገግ ይላል። አንገት የሚያስዳስሰው ማንም ያልሠራው ነው።

የዚያን ቀን ዕርቅ አልተፈጸመም። ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ፤ ኋላ ግን ልጅቱ ተመለሰች። በሳቁ ነው የሚሉ አሉ፤ እናቷ ደግሞ ባልዬው ስለ በሬዎቹ የተስማማው ነገር ነው ይላሉ፤ እኔ እናቷን ነው የማምነው።

ዘንድሮ በሌላ ጉዳይ፣ በዚያው ዋርካ ሥር፣ አጎቴ ሲናገሩ ደግሜ ሰማሁ። ይህኛው ውል ያፈረሰ የመሬት ተጋሪ ነው። “በእኛ ፊት ቃል ሰጥቶ ነበር” አሉ፤ “ዛሬ ግን...” ብለው ቆሙ። ጭራቸው አየር ላይ ቀረ። ዳር የተቀመጥን ሰዎች ትንፋሻችንን ያዝን።

“ቃሉን አጠፈ” አሉ ቀስ ብለው።

ብልሃታቸው ገባኝ። “አጠፈ” በአናባቢ ነው የሚጀምረው፤ ቅ ብትነሣም የምትለዋወጠው ተነባቢ በሩ ላይ አታገኝም። ማንም ምንም አልተሳሳተም፤ ሕዝቡ ግን ሳቀ፤ ከሳሽየውም ሳያስበው እጁን ወደ አንገቱ ላከ።